ጥያቄ 7፦ የቀይ ሽንኩርት ሕዋስ በስኳር ሙሙት ውስጥ (12 ነጥብ)

በሀዋሳ ከተማ የሚገኙ ተማሪዎች ከቀይ ሽንኩርት ሥጋ ላይ ስስ ልጣጭ ገፈው፣ ክዳን በሌለው ቢከር ውስጥ ባለ 0.30 ሞላር የሱክሮስ ሙሙት ውስጥ ነከሩት። የቤተ ሙከራው ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ከመነከሩ በፊት የሕዋሱ የሟሚ ፖቴንሻል −0.90 ሜጋፓስካል፣ የግፊት ፖቴንሻሉ ደግሞ +0.40 ሜጋፓስካል ነበር። R = 0.00831 L·MPa/(mol·K) ነው።

ሀ) የሙሙቱን የውሃ ፖቴንሻል አስሉ። (4 ነጥብ)
ለ) ሕዋሱ ውሃ ያገኛል ወይስ ያጣል? በስሌት አስደግፉ። (3 ነጥብ)
ሐ) የሕዋሱ ይዘት ብዙም አይለወጥም ብለን ብንወስድ፣ ሚዛን ላይ ሲደርስ የግፊት ፖቴንሻሉ ስንት ይሆናል? (2 ነጥብ)
መ) በሱክሮሱ ምትክ 0.30 ሞላር የገበታ ጨው ሙሙት ቢሆን ኖሮ ምን ይከሰት ነበር? (3 ነጥብ)

የተብራራ መልስ

ሀ) የሟሚ ፖቴንሻል የሚሰላው በሚከተለው ቀመር ነው።

```
Ψs = −iCRT
Ψs = −(1)(0.30)(0.00831)(298) = −0.74 MPa
```

ሱክሮስ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ወደ አዮኖች ስለማይከፋፈል i = 1 ነው። ሙቀቱ በኬልቪን መግባት ስላለበት 25 + 273 = 298 እንወስዳለን። ይህን እርምጃ መዝለል ከሚታሰበው በላይ ያስከፍላል፤ 25ን እንዳለ ያስገባ ተማሪ −0.06 ሜጋፓስካል ስለሚያገኝ፣ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በ«ለ» ላይ የሚሰጠው የአቅጣጫ ትንበያም ይገለበጥበታል።

ቢከሩ ክፍት ስለሆነ የሙሙቱ የግፊት ፖቴንሻል ዜሮ ነው፤ ስለዚህ Ψ = −0.74 + 0 = −0.74 MPa። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው ብሎ ዜሮውን ለማስተካከል መሞከር አያስፈልግም፤ የግፊት ፖቴንሻል የሚለካው ከአካባቢው የአየር ግፊት አንጻር ነውና።

ለ) የሕዋሱ የውሃ ፖቴንሻል የሁለቱ ድምር ነው።

```
Ψ = Ψs + Ψp = −0.90 + 0.40 = −0.50 MPa
```

ውሃ የሚጓዘው ፖቴንሻሉ ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት ነው። −0.50 ከ −0.74 ይበልጣል፤ ሃምሳ ብር ዕዳ ያለበት ሰው ሰባ አራት ብር ካለበት እንደሚሻል ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው ከሕዋሱ ወደ ሙሙቱ ይወጣል፤ ሕዋሱ ውሃ ያጣል።

የጥያቄው ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሟሚ ፖቴንሻሎቹን ብቻ ያነጻጸረ ተማሪ፣ ሕዋሱ −0.90፣ ሙሙቱ −0.74 ነው ብሎ ውሃ ወደ ሕዋሱ ይገባል የሚል መልስ ይጽፋል። ሕዋሱ በውስጡ የበለጠ ሟሚ መያዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተወጠረው የሕዋስ ግድግዳ መልሶ የሚያሳድረው ግፊት ውሃውን ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ውጤቱን የሚወስነው ድምሩ ነው። «ያጣል» የሚል ቃል ብቻ ተጽፎ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተነጻጸሩ ከ1 ነጥብ በላይ አይሰጥም።

ሐ) የውሃው የተጣራ ጉዞ የሚቆመው የሕዋሱና የሙሙቱ የውሃ ፖቴንሻል ሲተካከል ነው። ቢከሩ ውስጥ ያለው ሙሙት ከልጣጩ አንጻር እጅግ ብዙ ስለሆነ የእርሱ ፖቴንሻል −0.74 ላይ እንደጸና ይቆያል።

```
Ψp = −0.74 − (−0.90) = +0.16 MPa
```

ግፊቱ ከ0.40 ወደ 0.16 ቢወርድም ከዜሮ በላይ ስለሆነ ሕዋሱ ላላ እንጂ ፕላዝሞሊሲስ አልደረሰበትም። በማይክሮስኮፕ ሲታይም ሐምራዊው ቀለም እስከ ግድግዳው ድረስ ሞልቶ ይገኛል።

መ) የገበታ ጨው ወደ ሶዲየምና ክሎራይድ አዮኖች ስለሚከፋፈል i = 2 ይሆናል፤ የሙሙቱም ፖቴንሻል −1.49 ሜጋፓስካል ነው። የ«ሐ»ን ስሌት እንዳለ ብንደግመው የግፊት ፖቴንሻሉ −0.59 ይመጣል። ይህ ግን እንዲህ ባለ ሕዋስ ላይ አይሆንም፤ ግፊቱ ዜሮ ሲደርስ ሜምብሬኑ ከግድግዳው መላቀቅ ስለሚጀምር፣ ይዘቱ አይለወጥም የሚለው ግምት ከዚያ በኋላ አይሠራም። ከዚህ ወዲያ ግፊቱ ዜሮ ላይ ቆሞ፣ የሟሚ ፖቴንሻሉ −1.49 እስኪሆን ድረስ ውሃ መውጣቱ ይቀጥላል። ጨው ወደ ውስጥ ካልገባ፣ በሜምብሬኑ የታቀፈው ክፍል 0.90 ÷ 1.49 ≈ 0.60 ስለሚሆን፣ ከመጀመሪያ ይዘቱ ወደ 60 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ለሙሉ ነጥብ «ፕላዝሞሊሲስ» የሚለው ቃል ከምክንያቱ ጋር መጻፍ ይኖርበታል፤ የ60 በመቶው ስሌት ግን አይጠየቅም፤ ሐምራዊው ቀለም ከግድግዳው ርቆ መሐል ላይ ተሰብስቦ የሚታየው ለምን እንደሆነ ለማሳየት የቀረበ ነው።