ጉዳዩ፦ ጊዜው ያለፈበት የእንጀራ ሂሳብ ከነወለዱ እንዲከፈል ስለመጠየቅ

መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለሆቴሉ ፋይናንስ ክፍል
አዲስ አበባ

በውላችን መሠረት ከታኅሣሥ 1 እስከ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 7,300 እንጀራ አንዱን በ20 ብር አስረክበናል። በየማለዳው የንብረት ክፍላችሁ ቆጥሮ ፈርሞ ተረክቧል። የ146,000 ብር ክፍያው እስከ ጥር 30 መፈጸም ነበረበት፤ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። በየካቲት ወር ሁለት ጊዜ በአካል መጥተን «ቼኩ ፊርማ ላይ ነው» ተብለናል።

የውላችን አንቀጽ 6 የዘገየ ክፍያ በዓመት 12 በመቶ ወለድ እንደሚታሰብበት ይደነግጋል። ይህም በቀን 48 ብር ነው፤ ለ45 ቀን 2,160 ብር ይሆናል። ስለዚህ የዛሬው ዕዳ በድምሩ 148,160 ብር ነው፤ እስኪከፈል ድረስም በየቀኑ 48 ብር ይጨመርበታል። ወለዱን የጠየቅነው ትርፍ ፈልገን አይደለም፤ የጤፍ ነጋዴው ለእኛ ዱቤ አይሰጥም።

እስከ መጋቢት 25 በውሉ ላይ በተገለጸው የባንክ ሂሳብ ገቢ እንድታደርጉልን እንጠይቃለን። ቅድመ ግብር ከቀነሳችሁ ደረሰኙን አያይዙልን። ካልተከፈለ ከመጋቢት 26 ጠዋት ጀምሮ እንጀራ ማቅረብ የምናቆም መሆኑን እናሳውቃለን። የመረከቢያ ሰነዶቹን ቅጂ 30 ገጽ አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር
የእንጀራ አቅራቢው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ