የሦስት የወሎ ከተሞች የነዋሪዎች ቁጥር በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.

ጥያቄ፦ አንድ የባር ግራፍ የደሴን፣ የኮምቦልቻንና የወልድያን ከተማ ነዋሪዎች ቁጥር ያሳያል። ዋና ዋና ገጽታዎቹን እያነጻጸርክ ሪፖርት ጻፍ።

መልስ፦

ግራፉ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት ሁለት ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች የተመዘገበውን የሦስት የወሎ ከተሞች የነዋሪ ቁጥር ያነጻጽራል። አግድሙ ዘንግ የከተሞቹን ስም የያዘ ሲሆን ቋሚው ዘንግ ከ0 ተነስቶ በየ20,000 ተከፋፍሏል። ለእያንዳንዱ ከተማ ሁለት ባሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ነጣ ያለው የ1987፣ ጠቆር ያለው የ1999 ነው። ትክክለኛው ቁጥር በየባሩ አናት ላይ ተጽፏል።

በጥቅሉ ሲታይ ሦስቱም ከተሞች አድገዋል፤ የደረጃ ቅደም ተከተላቸው ግን አልተለወጠም። በሁለቱም ቆጠራዎች ደሴ አንደኛ፣ ኮምቦልቻ ሁለተኛ፣ ወልድያ ሦስተኛ ናቸው። የሦስቱ ድምር ከ161,313 ወደ 224,901 ከፍ ብሏል፤ ይህም የ39 በመቶ ያህል ጭማሪ ነው።

በ1987 የደሴ ነዋሪዎች 97,314 ነበሩ። የኮምቦልቻና የወልድያ ሕዝብ ተደምሮ እንኳ 63,999 ብቻ ስለነበር የደሴ ባር ከሁለቱ በላይ ብቻውን ጎልቶ ይታያል። ኮምቦልቻ 39,466 ላይ ነበረች፤ የባሯ ጫፍ የ40,000ን መስመር ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ወልድያ 24,533 ነዋሪ ስለነበራት ደሴ አራት እጥፍ ያህል ትበልጣት ነበር።

በ1999 ደሴ 120,095፣ ኮምቦልቻ 58,667፣ ወልድያ 46,139 ደረሱ። ከግራፉ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በቁጥር ከታየ ሦስቱም የጨመሩት ተቀራራቢ ነው፦ ደሴ 22,781፣ ወልድያ 21,606፣ ኮምቦልቻ 19,201። በመቶኛ ሲሰላ ግን ሥዕሉ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ደሴ 23 በመቶ፣ ኮምቦልቻ 49 በመቶ፣ ወልድያ 88 በመቶ ያህል አድገዋል። ተመሳሳይ ጭማሪ በትልቅ ከተማ ላይ ሲያርፍ ትንሽ፣ በትንሽ ከተማ ላይ ሲያርፍ ግን ብዙ ነው። የወልድያ የ1999 ባር ኮምቦልቻ በ1987 ከነበረችበት እንኳ ከፍ ብሎ ቆሟል።

ይሁንና «ወልድያ ደሴን እየደረሰችባት ነው» ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት በ1987 72,781 ሲሆን በ1999 73,956 ነው፤ ማለትም በ1,175 ሰው ሰፋ እንጂ አልጠበበም። በእጥፍ ካየነው ግን ደሴ ወልድያን የምትበልጠው ከአራት እጥፍ ገደማ ወደ 2.6 እጥፍ ወርዷል። ሁለቱም አነጋገሮች እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ መጥቀስ ግን አንባቢን ያሳስታል፤ ስለዚህ ሁለቱን አብሬ አቅርቤያለሁ። በደሴና በኮምቦልቻም መካከል ያለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ከ57,848 ወደ 61,428 ሲሰፋ እጥፉ ከ2.5 ወደ 2 ገደማ ዝቅ ብሏል። ልዩነቱ በቁጥርም የጠበበው በኮምቦልቻና በወልድያ መካከል ብቻ ነው፤ እሱም ከ14,933 ወደ 12,528። ደሴ ከሦስቱ ድምር የነበራት ድርሻ ደግሞ ከ60 በመቶ ወደ 53 በመቶ ቀንሷል።

ለዕድገቱ ልዩነት ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግራፉ አይናገርም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል እንደተቀመጠች፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያረፈች የፋብሪካ ከተማ እንደሆነች፣ ወልድያ ደግሞ የወረታው መንገድ ከደሴና መቀሌ መንገድ ጋር የሚገናኝባት እንደሆነች የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም ደሴ ስለምኖር ይህን ለመጻፍ እጄን ይበላኛል፤ ነገር ግን ከስድስት ባሮች ተነስቶ «ያደገችው በመንገዱ ነው» ማለት አይቻልም።

ስለ ቁጥሮቹም አንድ ነገር መጠቀስ አለበት። የደሴ 120,095 በከተማው የሚኖረውን ሕዝብ ብቻ ይመለከታል፤ በዚያው ቆጠራ በአስተዳደሩ ሥር ያሉት የገጠር ነዋሪዎች ሲታከሉ 151,174 ይሆናል። ይህን ሁለተኛ ቁጥር ከ1987ቱ 97,314 ጋር ማነጻጸር ዕድገቱን ወደ 55 በመቶ ያስጠጋዋል፤ የከተማ ሕዝብን ከከተማና ከገጠር ድምር ጋር ስለሚያወዳድር ግን ስሕተት ነው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ባሉት ዓመታት ቁጥሩ በእኩል መጠን ይጨምር ወይም በአንድ ወቅት ይፍጠን ግራፉ ስለማያሳይም መረጃው በመስመር ግራፍ ሳይሆን በባር መቅረቡ ተገቢ ነው።