ስለ ሰርጉ ዝግጅት ግሩፕ፣ ፋታ ላጣሽው ወዳጄ

ወዳጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የሒሳብ መዝጊያው ፋታ እንደነሳሽ ስለማውቅ፣ ከእሑድ ጀምሮ በሰርጉ ዝግጅት ግሩፕ ላይ የተከማቹትን ከ600 የሚበልጡ መልእክቶች ገብተሽ እንድታነቢ አልመክርሽም። ግማሾቹ የደስታ መግለጫና ስቲከር ናቸው፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ ኋላ ላይ በተደረሰበት ስምምነት የተሻሩ ሐሳቦች ናቸው። ከአንቺ የሚፈለገው ሦስት መልስ ብቻ ሲሆን፣ እሱም እስከ ሐሙስ ቀትር ድረስ ነው፤ ከጓደኞች ዝርዝር ውስጥ የማይመጡት እነማን እንደሆኑ፣ የጓደኞችን ንግግር ታደርጊ እንደሆነና በእጅሽ ያሉት የሙሽራዋ የድሮ ፎቶዎች። ቀነ ገደቡ የጠበበው የጥሪ ካርዱ ዓርብ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ስለሚሄድ ነው።

ቀኑ አልተለወጠም፤ ሰርጉ መጀመሪያ በተባለው ቅዳሜ ይውላል። ሰኞ ዕለት የወጣው «ቅዳሜ ወይስ እሑድ?» የሚል ድምፅ መስጫ እስካሁን ከግሩፑ አናት ላይ ተሰክቶ ይታያል፤ የሰካው ሰው ማንሳቱን ረስቶት ነው እንጂ ጉዳዩ ማክሰኞ ማታ ተዘግቷልና እንዳትመርጪበት። እሑድ የሚለው ሐሳብ የመጣው 300 ሰው የሚይዘው ሰፊ አዳራሽ የሚገኘው በዚያ ቀን ብቻ በመሆኑ ነበር፤ ይሁን እንጂ የሙሽራዋ አክስት እሑድ ወደምትኖርበት አገር የምትመለስበትን ትኬት አስቀድማ ስለቆረጠች፣ እሷ የሌለችበትን ሰርግ ሙሽራዋ እንደማትቀበለው በግልጽ ተነግሯል።

የነገሩ ሁሉ ማዕከል የእንግዶች ቁጥር ነው። የተያዘው አዳራሽ 220 መቀመጫ ሲኖረው፣ በሙሽራዋ ወገን 118፣ በሙሽራው ወገን 96፣ በእኛ በጓደኞች በኩል ደግሞ 34 ሰው ተመዝግቦ በድምሩ 248 ደርሷል። በዚህ 28 ሰው ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ «ከእናንተ ይቀነስ፣ ከእነሱ ይቀነስ» ሲባባሉ ከሰነበቱ በኋላ፣ የሙሽራው የአጎት ልጅ ሦስቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ስም በስም ሲያመሳክር 11 ሰዎች ሁለት ጊዜ ተጽፈው አገኘ። ከቀሩት ውስጥ ዘጠኙ በወላጆቻቸው ጭን የሚቀመጡ፣ የራሳቸው ወንበር የማያስፈልጋቸው ሕፃናት ናቸው። በዚህም የሚፈለገው መቀመጫ ወደ 228 ወረደና የተረፉት ስምንት ሰዎች ብቻ ሆኑ። ያ ሁሉ ክርክር ከመነሳቱ በፊት ዝርዝሮቹን ያስተያየ አለመኖሩ እኔንም ጨምሮ ሁላችንን የሚያስወቅስ ነው። የጓደኞችን ዝርዝር ያዘጋጀሽው አንቺ ስለሆንሽ፣ ለሥራ ራቅ ብለው ከሄዱት ወይም አስቀድመው እንደማይመቻቸው ከነገሩሽ መካከል እነማን እንደሚቀሩ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ስማቸውን ብቻ ላኪልኝ፤ ስምንት ባይሞሉም የቀረውን ሁለቱ ቤተሰቦች እኩል ለመካፈል ተስማምተዋል።

በግሩፑ ውስጥ ጠብ ነበር የሚል ወሬ ሰምተሽ ይሆናል፤ ነገሩ ከተወራው ያነሰ ነው። የሙሽራዋ ወንድም ሰኞ ሌሊት «ለመሆኑ ይህ ሰርግ የማን ነው?» ብሎ ሲጽፍ፣ የሙሽራው ታላቅ እህት አንድ ቀን ሙሉ ዝም አለች፤ በማግስቱም የሰባት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከች። ሁለት ጊዜ አዳምጬዋለሁ። ለእኔ እንደገባኝ ቅሬታው ስለ ወንበር ሳይሆን የአዳራሹ ቀብድ የሙሽራዋ ቤተሰብ ሳይነገረው መከፈሉ ነው። እሷም አዳራሹን ሌላ ሰው እንዳይወስደው ቸኩላ መክፈሏንና በዚያው ምሽት መንገር ሲገባት ማሳለፏን ሳትሸሽግ ተናገረች፤ እሱም ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ ወዲህ ክፍያ የሚፈጸመው ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው ከተስማማ በኋላ ነው። ታሪኩን የጻፍኩልሽ፣ ድንገት ገብተሽ አሮጌውን መልእክት ብታገኚና መልስ ብትሰጪበት የተዘጋው ነገር እንዳይከፈት በመስጋት ነው።

የመዋጮው ጉዳይ ያለ ክርክር አልቋል፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ለተመረጠችው ገንዘብ ያዥ በግል ይሰጣል፣ መጠኑም በግሩፑ ላይ አይጻፍም። ሁለት አውቶቡሶች ተይዘዋል። ሙዚቃውን የሙሽራው ጓደኞች ይዘውታል፤ እዚያ ውስጥ እንዳትገቢ እመክርሻለሁ፣ ከ600ው መልእክት ቢያንስ መቶው የእሱ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን አንዲት ሴት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በአንድ መስመር ጽፋው፣ ከላይና ከታች በመጣው ጎርፍ ተውጦ ማንም ሳይመልስላት የቀረው ጥያቄ ነው። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሙሽራው አያት ደግሞ ደረጃ መውጣት አይችሉም። ዛሬ ጠዋት ደውዬ እንዳረጋገጥኩት ሕንፃው አሳንሰር አለው፣ ነገር ግን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይቆለፋል፤ የሚከፈተውም አስቀድሞ በደብዳቤ ሲጠየቅ ነው። ደብዳቤውን ጽፌ ለሙሽራው እህት ሰጥቻታለሁ፤ በዕለቱም ከአሳንሰሩ በር የማይለይ አንድ ሰው እንዲመደብ ጠይቄያለሁ። የመግቢያው ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ሙሽሮቹን ለማየት ሲሯሯጥ እኒያን እናት የሚያስታውስ እንዳይጠፋ ነው።

ንግግሩን በተመለከተ፣ ሰባት ሰዎች ያንቺን ስም ጠቅሰዋል፤ አንዱም «እሷ እሺ ብላለች» ብሎ ጽፏል። እሺ ማለትሽን ከአንቺ ስላልሰማሁ «መልሷን ራሷ ትሰጣለች» ከማለት በቀር በስምሽ አልተናገርኩም። ከተቀበልሽ ጊዜሽ አምስት ደቂቃ ነው፤ ይህም ለሁሉም ተናጋሪ የወጣ ገደብ ነው። ባትቀበዪ ማንም አይቀየምም፤ በክፍል አብራን የተማረችው ጓደኛችን ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። ለእኔ ከጠየቅሽኝ ሙሽራዋን ከሁላችንም በፊት ያወቅሻት አንቺ ነሽና ብትናገሪ ደስ ይለኛል፤ ሆኖም ያለሽበትን ድካም ስለማይ አልጎተጉትሽም።

ፎቶዎቹ የሚፈለጉት በአዳራሹ መግቢያ ላይ ለሚሰቀል ሰሌዳ ነው። ይህ ለሁለቱ ሙሽሮች ድንገተኛ እንዲሆንላቸው ስለተፈለገ ከሙሽራዋ ጋር ስትነጋገሪ እንዳያመልጥሽ። ሁለቱም ከጭንቀቱ ለመራቅ በራሳቸው ፈቃድ ከግሩፑ ውጭ ናቸው፤ ውሳኔው የሚደርሳቸው በሙሽራው እህት በኩል ሲሆን፣ የሰሌዳውን ነገር እሷም አትነግራቸውም። ስድስት ወይም ሰባት ፎቶ ይበቃል፤ የወረቀት ፎቶዎቹን በስልክሽ አንስተሽ ብትልኪልኝም ይሆናል።

መልሶችሽን በግሩፑ ላይ መጻፍ አያስፈልግሽም፤ ለእኔ ከላክሽልኝ የስሞቹን ዝርዝር ለሙሽራው የአጎት ልጅ፣ የንግግሩን መልስ ለግሩፑ፣ ፎቶዎቹን ደግሞ ሰሌዳውን ለሚሠራው ልጅ አደርሳለሁ። ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት አንድ ጊዜ እደውልልሻለሁ፤ ስብሰባ ላይ ከሆንሽ አታንሺው፣ ስትወጪ ትደውይልኛለሽ።