መወጣጫው መቼ ይነሳል? ስካፎልዲንግና የቅርብ ዕድገት ቀጣና

ከአንድ የሒሳብ ደብተር እንነሳ። ጥያቄው 52 − 27 ነው። ተማሪዋ 35 ብላ መልሳለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅም 35 ብሏል። አልተኮራረጁም እንበል። ሁለቱም ኤክስ ገባባቸው። በማርክ መዝገቡ ላይ እኩል ናቸው ማለት ነው።

35 ከየት መጣ? ልጆቹ ዝም ብለው አልገመቱም። በአንድ ቤት ከላይ 2፣ ከታች 7 አለ። ከ2 ላይ 7 ማንሳት አልሆን ሲላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ቀነሱ። 5 ሆነ። በአስር ቤት ደግሞ ከ5 ላይ 2 ሲነሳ 3። ስሕተቱ የራሱ ሕግ አለው። ሕጉን ያላየ መምህር «ትኩረት አድርጉ!» ብሎ ያልፋል። ልጆቹ ግን ትኩረት አላነሳቸውም።

መምህሯ ለሁለቱም አንድ ነገር ብቻ አለቻቸው። «መልሳችሁን ከ27 ጋር ደምሩና 52 መምጣቱን እዩ።»

ልጁ ደመረ። 62 መጣ። ግንባሩን ቋጠረ። ትንሽ ቆይቶ «ለካ ከአምስቱ መበደር ነበረብኝ!» አለና አጥፍቶ 25 ጻፈ። ልጅቷም ደመረች። እሷም 62 አገኘች። ድምሩን አየችው፣ ጥያቄውን አየችው፣ ከዚያ መምህሯን ቀና ብላ አየቻት። መልሱ ስሕተት መሆኑ ገብቷታል። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ግን አልገባትም።

ፈተናው ያልለያቸውን ሁለት ልጆች አንዲት አረፍተ ነገር ለየቻቸው። ዛሬ የምንማረው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሌቭ ቪጎትስኪ በሶቪየት ኅብረት የሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። በ1896 ተወልዶ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ገና 37 ዓመቱ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እሱም ሁለት ልጆችን ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል። ሁለቱም የ10 ዓመት ልጆች ናቸው። ብቻቸውን ሲፈተኑ ሁለቱም የሚሠሩት የ8 ዓመት ልጅ የሚሠራውን ያህል ነው። መንገድ ሲጠቆማቸውና ሲታገዙ ግን አንዱ እስከ 12 ዓመት ልጅ ደረጃ ይሠራል፤ ሌላው ከ9 አያልፍም። ታዲያ እነዚህ ልጆች እኩል ናቸው? ጥያቄው የቪጎትስኪ ነው፤ መልሱም አይደሉም የሚል ነው።

ልጁ ብቻውን በሚችለውና ከእሱ የበለጠ በሚችል ሰው ታግዞ በሚችለው መካከል ያለውን ርቀት ቪጎትስኪ የቅርብ ዕድገት ቀጣና አለው። «ቅርብ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ልጁ ዛሬ በእርዳታ የሠራው ነገ ብቻውን ሊሠራው የደረሰ ነገር ነው። ከቀጣናው ወዲህ ያለውን ልጁ ይችለዋል፤ እሱን ደጋግሞ ማሠራት ማሰልቸት ነው። ከቀጣናው ወዲያ ያለውን ደግሞ ብታግዙትም አይዘውም፤ ቢበዛ ይሸመድደዋል።

ብዙ ጀማሪ መምህራን የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ቀጣናውን እንደ ልጁ ቁመት ያዩታል፤ አንዴ ተለክቶ የሚመዘገብ ይመስላቸዋል። «የዚህ ልጅ ቀጣና ጠባብ ነው» ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ያ ልጅ በቅነሳ አንድ ቦታ፣ በንባብ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ቀጣናው በዝምታ ፈተና አይታይም። የሚታየው እርዳታ ሰጥታችሁ ልጁ በእርዳታው ምን እንዳደረገበት ስታዩ ብቻ ነው። መምህሯ ያቺን አረፍተ ነገር ባትናገር ኖሮ ስለ ሁለቱ ልጆች የምታውቀው ኤክሱን ብቻ ነበር።

እንደ ልጁ አቅም እየተሰጠ ቀስ በቀስ ለሚነሳው እርዳታ የተሰጠው ስካፎልዲንግ የሚለው ስም ግን ከቪጎትስኪ የመጣ አይደለም። ፈተና ላይ ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ቃሉን በ1976 ባወጡት ጽሑፍ ያስተዋወቁት ዴቪድ ውድ፣ ጀሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ ናቸው። ሕንፃ ሲሠራ በዙሪያው የሚቆመውን የእንጨት ወይም የብረት መወጣጫ አስቡ። ሠራተኛው ያለ እሱ አይደርስም። ሕንፃው ሲያልቅ ግን ይነሳል። ተረስቶ የቀረ መወጣጫ ያለበት ሕንፃ አላለቀም እንላለን።

ተመራማሪዎቹ የ3፣ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆችን ሰበሰቡ፤ በጠቅላላ 30 ናቸው። ሥራው በ21 የእንጨት ቁራጮች ፒራሚድ መገጣጠም ነው። አንዲት አስተማሪ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለብቻ ተቀመጠች። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የአስተማሪዋ ሥራ እንደ ልጆቹ ዕድሜ መለዋወጡ ነው። ከ3 ዓመት ልጆች ጋር ዋናው ልፋቷ ልጁን ከሥራው እንዳይወጣ መያዝ ነበር። ከ4 ዓመት ልጆች ጋር በቃል ማረምና መጠቆም ሆነ። የ5 ዓመት ልጆች ደግሞ ሠርተው «ልክ ነው?» ብለው ማረጋገጫ ሊጠይቋት ነበር የሚፈልጓት። ሥራው ያው ነው፣ አስተማሪዋም ያቺው ናት። እርዳታው ግን ሦስት ዓይነት ሆነ።

ጽሑፉ ስድስት የአጋዥ ተግባራትን ይዘረዝራል፦ ፍላጎት መቀስቀስ፣ ሥራውን ማቅለል፣ ከግቡ እንዳይወጣ መጠበቅ፣ ወሳኙን ነገር ማመልከት፣ ብስጭትን ማብረድ፣ ሠርቶ ማሳየት። ስድስቱን ሸምድዳችሁ ፈተና ታልፉ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ግን በቁጥር ተራ አይመጡም፤ አንዱ ከሌላው ተቀላቅሎ ነው። ወደ ልጅቷ እንመለስና እንየው።

መምህሯ ጠጋ አለች። «ችግሩ የቱ ቤት ላይ ይመስልሻል?»

ዝምታ። ልጅቷ እርሳሷን ነከሰች።

«እሺ፣ አንድ ቤትን ብቻ እንየው። አስር ቤቱን በእጅሽ ሸፍኚው። ከ2 ላይ 7 ማንሳት ይቻላል?»

«አይቻልም። ለዚህ ነው ከሰባቱ ላይ ሁለት የቀነስኩት።»

በዚህ ጊዜ «እንደሱ አይደለም፣ ከአምስቱ አንድ ተበደሪ፣ 12 ይሆናል» ማለት እንዴት ያጓጓል! አሥር ሰከንድ አይፈጅም፣ ደብተሩም ላይ 25 ይጻፋል። ከዚያ 64 − 38 ስጧት። 34 ትላችኋለች፤ ያው ግልበጣ ነው። 25 የመምህሯ መልስ ነበረ እንጂ የሷ አልነበረም።

መምህሯ ያን አላደረገችም። በአሥር በአሥር የታሰሩ አምስት የእንጨት ዘንግ እስሮችና ሁለት ነጠላ ዘንጎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይኸው 52። 27 ስጪኝ።»

ልጅቷ ሁለት እስር ሰጠች። ሁለቱን ነጠላ ዘንጎች ሰጠች። ቆመች። «አምስት ይቀረኛል፤ ግን ነጠላ አለቀብኝ» አለች። መምህሯ ምንም አላለችም። ልጅቷ ከቀሩት ሦስት እስሮች አንዱን አነሳች፣ መምህሯን አየት አደረገች፣ ላስቲኩን ፈታች። አምስት ቆጥራ ሰጠች። የቀረውን ቆጠረች፦ ሁለት እስርና አምስት ነጠላ።

ያቺን ላስቲኩን የፈታችበትን ቅጽበት ያዙልኝ። መምህሯ ፍቺው አላለቻትም። እስሮቹን ያዘጋጀችው መምህሯ ናት፤ ፈትቶ መስጠት ይቻላል ብላ የደረሰችበት ግን ልጅቷ ራሷ ናት። እርዳታው የሥራውን ከባድ ጎን ተሸከመ፤ ማሰቡን ለልጅቷ ተወላት።

አሁን ነው መወጣጫው መውረድ የሚጀምረው። ለ64 − 38 ዘንጎቹን አነሳችና «እስሮቹን ደብተርሽ ላይ ሥዪያቸው» አለቻት። ልጅቷ ስላ 26 አገኘች። ለ73 − 46 ሥዕሉም ቀረ። «ከመጻፍሽ በፊት የትኛውን እስር እንደምትፈቺ ንገሪኝ» ብቻ ተባለች። 27 አለች። በሚቀጥለው ጥያቄ መምህሯ ወደ ሌላ ረድፍ ሄደች።

በሁለተኛው ጥያቄ ልጅቷ ብትሳሳትስ? መልሱ ቀላል ነው፤ ዘንጎቹ ይመለሳሉ። ሲያቅት እርዳታ ይጨመራል፣ ሲሳካ ይቀነሳል። የሚቀጥለውን እርዳታ መጠን የሚወስነው የዕለቱ የትምህርት ዕቅድ ሳይሆን ልጁ ባለፈው እርዳታ ያደረገው ነገር ነው። መቀነሱ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንሰንፋለን።

እኔ ራሴ በማስተማር መጀመሪያ ዓመቴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ተማሪዎቼ አንቀጽ መጻፍ ከበዳቸው። የአረፍተ ነገር መነሻዎች ያሉበት ወረቀት አደልኳቸው፦ «እኔ የማስበው…»፣ «የመጀመሪያው ምክንያቴ…»፣ «ለምሳሌ…»። ተአምር ሆነ። ሁሉም ጻፉ። ደስ ብሎኝ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ወረቀት አደልኩ። የማጠቃለያ ፈተና ቀን ወረቀቱ አልነበረም። ግማሹ ክፍል እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ወረቀቱ ዛሬ የለም እንዴ?» አለኝ። ያደልኩት ክራንች ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱን መነሻዎች ማጥፋት፣ በስድስተኛው መነሻዎቹን ራሳቸው እንዲያወጡ ማድረግ ነበረብኝ።

«ክፍሌ ውስጥ ይህ ሁሉ ተማሪ እያለ ከማን ከማን ጋር ልቀመጥ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የፒራሚዱ አስተማሪ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። ግን ቪጎትስኪ አጋዡ የግድ አዋቂ ይሁን አላለም፤ የተሻለ የሚችል እኩያም ይሆናል። ቅድም 25 ብሎ ራሱን ያረመው ልጅ ለልጅቷ ጥሩ አጋዥ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ትናንት ስለገባው የት ጋ እንደሚያደናቅፍ ገና አልረሳውም። ብቻ መልሱን እንዳይነግራት አስጠንቅቁት፤ «መጠየቅ እንጂ መንገር የለም» የምትል ሕግ ትበቃለች። ካልሆነ የሚሆነው መገልበጥ ነው።

በንባብ ክፍል ደግሞ ተመራማሪዎቹ አንማሪ ፓሊንሳርና አን ብራውን በ1984 ያሳተሙትን ዘዴ ታገኛላችሁ። አንድ ትንሽ ቡድን አንድ ጽሑፍ ክፍል በክፍል ያነባል። አራት ነገር ይደረጋል፦ ጥያቄ ማውጣት፣ ማጠቃለል፣ ያልገባውን ማጥራት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት። መጀመሪያ መምህሩ ይመራል፣ እንዴት እንደሚያስብም ጮክ ብሎ ያሳያል። ቀስ በቀስ የመሪነቱ ወንበር ለተማሪዎቹ በየተራ ይተላለፋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስቃሉ። ተማሪው ከጽሑፉ አንድ አረፍተ ነገር እንዳለ ያነብና «አጠቃለልኩ» ይላል። መምህሩ እዚያ ጋ «በራስህ አፍ ለጓደኛህ ብትነግረውስ?» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ይጠብቃል።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይህን ሥሩ። በተመደባችሁበት የምልከታ ክፍል አንድ መምህር አንድ ተማሪ ሲረዱ ተከታተሉ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በግራ መምህሩ ያሉትን እንዳሉት ጻፉ፤ በቀኝ ተማሪው ወዲያው ያደረገውን። ዝምታም ይጻፍ፣ በሰከንድ ቢሆን ይመረጣል። የመምህሩን ስም አትጻፉ። ከዚያ እርዳታው የጨመረበትንና የቀነሰበትን ቦታ በቀስት አመልክታችሁ አምጡ። አንድም የቀነሰበት ቦታ ካላገኛችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ የቱ መስመር ላይ ዝም ትሉ እንደነበር ክበቡት።