ባልፎር ያስራል? ለአንድ የኮመን ሎው ፈተና ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ባልና ሚስት የሚኖሩት በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ ነው። ባል ለ2 ዓመት ሥራ ወደ ዱባይ ሊሄድ ነው። ከጉዞው በፊት ለ3 ወር በተለያየ ክፍል ሲያድሩ ቆይተዋል። ሁለቱም በየፊናቸው ጠበቃ አማክረዋል፤ ፍቺ ግን አልጠየቁም። በመጨረሻው ምሽት ባል ወረቀት አውጥቶ «በየወሩ 900 ፓውንድ እልካለሁ፤ የቤቱን ብድር አንቺ ከደመወዝሽ ትከፍያለሽ» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ፈረሙ። ከስምንተኛው ወር ጀምሮ መላኩን አቆመ። ሚስት በሃይ ኮርት ከሰሰች። የባል ጠበቃ በፍቅር የሚኖሩ ባልና ሚስት የቤት ውስጥ ስምምነት በፍርድ ቤት አያስገድድም ያለውን የባልፎር እና ባልፎር (1919) ፍርድ ጠቀሰ። የሚስት ጠበቃ ደግሞ ሜሪት እና ሜሪትን (1970) እንዲሁም የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኤርሞጀነስ ጉዳይ በ2002 የሰጠውን ውሳኔ አቀረበ። ዳኛዋ ምን ይወስኑ?

መልስ፦ ለሚስት ሊፈርዱ ይገባል። ግን «ባልፎር ተሳስቷል» ብለው አይደለም፤ እንደዚያ የማለት ሥልጣን የላቸውም።

ባልፎርም ሜሪትም ከሃይ ኮርት በላይ ካለው የይግባኝ ፍርድ ቤት የወጡ ናቸው። ዳኛዋ ወደዱም ጠሉም ይታሰሩባቸዋል፤ ማለትም ሊከተሏቸው ግድ ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ራሱ እንኳ፣ በ1944 በያንግ እና ብሪስቶል ኤሮፕሌን ጉዳይ እንዳለው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር በቀደመ ውሳኔው ይታሰራል። እኛ አገር የሰበር የሕግ ትርጉም አስገዳጅ የሆነው በአዋጅ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ይህን ሥርዓት የገነቡት ዳኞቹ ራሳቸው ናቸው።

የአውስትራሊያው ውሳኔ ከዚህ ይለያል። ጉዳዩ የአንድ ሊቀ ጳጳስ የሥራ ውል ነበር። ፍርድ ቤቱ የተዋዋዮችን ሐሳብ በቅድመ ግምት ሳይሆን በጠቅላላው ሁኔታ መመዘን እንደሚሻል አሳይቷል። ምክንያቱ ጠንካራ ነው፤ ዳኛዋ ሊደገፉበት ይችላሉ። ነገር ግን የሌላ አገር ፍርድ ቤት ነውና ከማሳመን አልፎ አያስርም። ባልፎርንም ከመንገድ ሊያነሳ አይችልም።

እንግዲህ ባልፎር የሚያስረው እስከ የት ነው? የሚያስረው ፍርዱ የቆመበት ምክንያት ብቻ ነው፤ ያ ምክንያት ደግሞ ከፍሬ ነገሩ ተነጥሎ አይታይም። በባልፎር ጉዳይ ባልየው በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ሚስቱ በሕመም ምክንያት እንግሊዝ ስትቀር በወር 30 ፓውንድ ሊሰጣት ቃል ገባ። ያኔ ትዳራቸው ሰላም ነበር። የተቃቃሩት በኋላ ነው። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ጀስቲስ አትኪን፣ በፍቅር የሚኖሩ ባልና ሚስት የቤት ውስጥ ስምምነታቸውን ፍርድ ቤት እንወስደዋለን ብለው አያስቡም ብለዋል። ሌላው ዳኛ ሎርድ ጀስቲስ ዱክ ደግሞ ሚስትየዋ በምላሹ የሰጠችው ነገር አለመኖሩን አጥብቀው አንስተዋል።

አሁን ልዩነት መፈለግ ነው። ሲሎንና ዱባይ ይለያያሉ፤ 30 እና 900ም እንዲሁ። እነዚህ ግን አይረቡም፤ ምክንያቱን አይነኩትም። የሚነካው ሌላ ነው። እዚህ ቃሉ ሲሰጥ ትዳሩ ተናግቷል። የተለያየ ክፍል ያድራሉ። ጠበቃ ዘንድ ሄደዋል። ደግሞም ተማምነው የሚኖሩ ሰዎች ለአስቤዛ ብር ወረቀት አይፈራረሙም። ሚስት የቤቱን ብድር መክፈሏም ሎርድ ጀስቲስ ዱክ ያጡትን ምላሽ ይሞላል። ስለዚህ ባልፎር ትክክል እንደሆነ ይቀራል፤ ይህን ጉዳይ ግን አይገዛም።

ሜሪትስ ለሚስት በቂ ነው? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሜሪት ውስጥ ባል ቤቱን ጥሎ ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀምሮ ነበር። መኪና ውስጥ ተነጋግረው፣ ሚስት የብድሩን ቀሪ ከከፈለች ቤቱን ሊያዛውርላት ጽፎ ፈረመ። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ዴኒንግ «የተለያዩ» ብቻ ሳይሆን «ሊለያዩ ያሉ» ጥንዶችም ከባልፎር ውጭ ናቸው ብለዋል። የእኛዎቹ ሁለተኛው ውስጥ ይገባሉ። ነገር ግን ሜሪቶች ቀድሞውኑ ተለያይተው ስለነበር፣ «ሊለያዩ ያሉ» የሚለው ለፍርዱ አስፈላጊ አልነበረም። ስለዚህ የባል ጠበቃ «ይህ ተጨማሪ አስተያየት ነው፤ አያስርም» ሊል ይችላል፤ ትክክልም ነው። ሚስት የምትረታው ሜሪት ስላሰረ ሳይሆን፣ ሜሪትን ከባልፎር የለየው ምክንያት እዚህም ስላለ ነው። የሎርድ ዴኒንግ ቃልም አሳማኝ ሆኖ ያግዛታል።

የባል ምርጥ መከራከሪያ አንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸውና ፍቺ አለመጠየቃቸው ነው። ቀላል አይደለም። ቢሆንም ፊርማው፣ የጠበቆቹ ምክርና የሚስት የብድር ክፍያ አንድ ላይ ሲታዩ ሚዛኑ ወደ እሷ ያደላል። ዳኛዋ ከስምንተኛው ወር ጀምሮ ያልተከፈለውን በወር 900 ፓውንድ አስልተው እንዲከፍላት ሊያዙ ይገባል።