የአሁኑ ሥራዬና ግቤ፦ ካርታ ለሌለው ነጋዴ የሚሆን ብድር

ለቅበላ ኮሚቴው፣

ፒያሳ በሚገኝ የአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ የብድር ተንታኝ ነኝ። ብድር የጠየቀ ሰው መክፈል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን አጥንቼ ለብድር ኮሚቴ አቀርባለሁ። የአጭር ጊዜ ግቤ ትምህርቴን በጨረስኩ በሁለት ዓመት ውስጥ በባንኬ የአነስተኛ ንግድ ብድር ኃላፊ ሆኜ፣ ቤት ማስያዝ ለማይችሉ ነጋዴዎች የሚሆን ብድር ማስጀመር ነው። የረጅም ጊዜው ደግሞ በአሥር ዓመት ገደማ፣ ለአዲስ አበባ አነስተኛ አምራቾች ማሽን እየገዛ የሚያከራይ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ኩባንያ ማቋቋም ነው።

ደንበኞቻችን ከፒያሳ እስከ ተክለሃይማኖት ያሉ ናቸው፤ ከመርካቶም ይመጣሉ። ወርቅ ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ዳቦ ቤት አላቸው። ብዙዎቹ የሚሠሩት በኪራይ ቤት ነው። ስለዚህ ካርታ የላቸውም። ፋይላቸው ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ግን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «መያዣው ምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱ ቤት ካልሆነ ውይይቱ ቶሎ ያልቃል። ሰውየው በቀን ስንት እንደሚሸጥ የሚጠይቅም አይኖርም።

አምና አንድ ዳቦ ቤት ያላቸው ትልቅ ሰው መጡ። የሊጥ ማቡኪያ ማሽናቸው አርጅቷል፤ ሁለተኛ ምድጃም ይፈልጋሉ። በወጉ የተያዘ የሂሳብ መዝገብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ዳርና ዳሩ የተላላጠ፣ ዱቄት የነካው የዱቤ ደብተር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና «ልጄ፣ እኔን ከምትጠይቂኝ እሱን ጠይቂው» አሉኝ።

ጠየቅኩት። በግራ በኩል የተረካቢዎቹ ስም አለ፤ ስም ካልኩት ማለቴ ነው፣ «ባለ ጥጉ ካፌ»፣ «የልጅቷ ሱቅ» ይላል። ቀጥሎ የዕለቱ የዳቦ ብዛት። የተከፈለበት መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ቀኑ ከጎኑ ሰፍሯል። አንድ ገጽ ላይ ያልተሰረዙ መስመሮች አየሁ፤ አጠገባቸው «ሰፈሩ ሲፈርስ ሄደ» የሚል ተጽፏል። ያንን ዕዳ ማን እንደሚከፍል አልጻፉም። ግን አልደበቁትም። ለብድር ተንታኝ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በደንብ ከተዋበ የሂሳብ ሪፖርት እንዲህ ያለ ገጽ አይገኝም።

ደብተሩን ብቻ ይዤ ኮሚቴ ፊት መቅረብ ግን አልችልም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከጀመረ ወዲህ የእንዲህ ያለ ነጋዴ ገንዘብ ዱካ መተው ጀምሯል። ካፌዎቹ በቴሌብር የከፈሉትን ከቀይ መስመሮቹ ጋር አመሳከርኩ። ከዚያ የዱቄት ደረሰኞቹን ሰበሰብኩ። ከአንድ ኩንታል ስንት ዳቦ እንደሚወጣ ራሳቸው ነገሩኝ፤ በዚያ አባዝቼ ከደብተሩ ብዛት ጋር አስተያየሁት። ተቀራረበ። የእቁባቸውንም ሰብሳቢ አነጋገርኩ፤ እቁብ ሳያቋርጥ የሚጥል ሰው የባንክ ወለድ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ለመያዣ በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚመሠረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011ን ይዤ ተከራከርኩ። አዋጁ ማሽንን፣ የሚሸጥ ዕቃን፣ ሰው ላይ ያለ ዕዳን ሳይቀር መያዣ ማድረግን ይፈቅዳል። ኮሚቴው ከጠየቁት ያነሰ ብድር ፈቀደ፤ ምድጃውና ማሽኑ ተመዘገቡ። እስካሁን በቀኑ እየከፈሉ ነው።

አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በእኛ ቅርንጫፍ ግን እንዲህ ያለ ፋይል አሁንም ብርቅ ነው። ባንኮችን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ፍርሃታቸው ይገባኛል። ቤት የትም አይሄድም፤ በሐራጅ ይሸጣል። ያገለገለ የሊጥ ማሽን ግን ማን ይገዛዋል? በስንት? ሌሊት ተጭኖ ቢወሰድስ? በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የገባ ማሽን ያለው ሰው መያዣው በብር ሲታይ ተወደደለት። አዲስ ለመግዛት ያሰበው ግን ገንዘቡ ሳይሞላለት ቀረ። ያንድ ማሽን ዋጋ ለአንዱ ሲሳይ ለሌላው እንቅፋት ሲሆን፣ እኛ መያዣ የምንገምትበት ቅጽ ሁለቱን የሚለይበት ቦታ አልነበረውም።

የአጭር ጊዜ ግቤ ለዚህ ነው። አንድ ፋይል በግሌ ተሟግቼ ማሳለፍ እችላለሁ። ሁሉም ተንታኝ እንደዚያ እንዲሠራ ግን የተጻፈ አሠራር ያስፈልጋል። የዱቤ ደብተር እንዴት ይጣራል? የሞባይል ገንዘብ ዝውውር ስንት ወር ወደኋላ ይታያል? ማሽን በማን ይገመታል? በመርካቶ፣ በፒያሳና በተክለሃይማኖት ቅርንጫፎች መሞከር፣ ውጤቱን መመዘን፣ የማይሆነውን ጥሎ የሚሆነውን ማስፋት እፈልጋለሁ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። እነሱ ሲመጡ መጀመሪያ የሚሻሙት ትልልቁን ደንበኛ ነው የሚል ግምት አለኝ። ዳቦ ቤቱን የምናውቀው እኛ ነን፤ ካወቅን ደግሞ ማበደር አለብን።

ብድር ግን የሚሄደው እስከ አንድ ቦታ ነው። ሥራ ገና የሚጀምር ልጅ የሚያሳየው ደብተርም የሚያስይዘው ማሽንም የለውም። ለእሱ የሚሻለው ኪራይ ነው። ኩባንያው ማሽኑን ይገዛል፤ ተከራዩ እየሠራ ይከፍላል፤ ከፍሎ ሲጨርስ የራሱ ይሆናል። እስከዚያ ባለቤቱ ኩባንያው ስለሆነ የቤት ካርታ ጥያቄ ውስጥ አይገባም። ሥራው በአገራችን በሕግ የታወቀ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠውም ብሔራዊ ባንክ ነው። እኔ የምጨምረው ጥገናንና ያገለገለ ዕቃ ሽያጭን እዚያው አብሮ መያዝ ነው። የተመለሰ ማሽን ተጠግኖ ለሌላ የሚከራይ ከሆነ «ማን ይገዛዋል?» የሚለው የኮሚቴው ጥያቄ መልስ አገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ትምህርቱ ለምን አስፈለገኝ? አንድ ተበዳሪ መመዘን አውቃለሁ። አንድ ሺህ ተበዳሪ አንድ ላይ ሲታይ ስንቱ እንደሚያቅተው ገምቶ ወለድ መተመን ግን አላውቅም። አዲስ አገልግሎት ስንት ያስወጣል፣ መቼ ያተርፋል የሚለውንም እንደዚሁ። ፋይናንስን፣ የአደጋ አስተዳደርንና ሰው ማስተዳደርን የፈለግኩት ለዚህ ነው። በክፍል ውስጥ ከአምራቾችና ከአስመጪዎች ጋር መቀመጥም ይጠቅመኛል፤ እኔ ሁሌ የማገኛቸው ብድር ሊጠይቁ ሲመጡ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሁሉንም አይነግሩኝም።

የማታውን ፕሮግራም የመረጥኩት ከሥራዬ መራቅ ስለማልፈልግ ነው። የመመረቂያ ጥናቴን በማሽን መያዣ በተሰጡ ብድሮች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ሥራ አስኪያጄም የደንበኞች ስም እስካልወጣ ድረስ ፋይሎቹን እንድጠቀም በቃል ተስማምተዋል። ባንኩ በመጨረሻ ሐሳቡን ባይቀበለውስ? ያኔ ካፒታል ዕቃ ከሚያከራዩት ተቋማት በአንዱ ተቀጥሬ ሥራውን ከውስጥ እማራለሁ። ወደ ኩባንያው የሚወስደው መንገድ ትንሽ ይረዝማል እንጂ አይቀየርም።