ተሸናፊ ከፋይ

በ2007 ዓ.ም. ወረታ ላይ አንድ ጌም 2 ብር ነበር። የሚከፍለው ተሸናፊው ነው። አሸናፊው ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቀመጣል፣ ቀጣዩ ተረኛ ይመጣል። ኪስህ ባዶ ከሆነ ያለህ ምርጫ አንድ ነው፤ አለመሸነፍ።

እኔ 15 ዓመቴ ነበር፣ ዘጠነኛ ክፍል። ኪሴ ባዶ ስለነበር ጎበዝ ሆንኩ።

ጌም ቤቱ ከመነኸሪያው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነች። መጋረጃ ተብሎ በሯ ላይ የተሰቀለው የተተረተረ ማዳበሪያ ነው። ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ አራት አግዳሚ ወንበርና የሠላሳ ልጅ ላብ አለ። የሚከፈተው ፔስ 2013 ብቻ ነው። ሁሉም ባርሳን ይፈልጋል፤ ባርሳ ደግሞ አንድ ነው፤ ጠቡ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በግራ በኩል ያለው ማሽን ጆይስቲክ ካሬዋ ቁልፍ ስለላላች ሁለቴ ካልተጫንካት አትመታም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ከሐሙሲት ወይ ከአዲስ ዘመን ሲመጣ እዚያ እናስቀምጠዋለን። ግፍ ነው፣ አውቃለሁ።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ በሀብታሙ ተሸነፍኩ። ኪሴ ውስጥ ሰባራ ሳንቲም አልነበረም። ባለቤቱ የሒሳብ ደብተሬን መያዣ ወሰደና ከቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠው። ሁሉም ሳቀ። ሰኞ ሒሳብ እንዳለኝ ብለምነው እንዲህ አለኝ፦

«የራስህን ስትገዛ በነፃ ትጫወታለህ። እዚህ ቤት ተሸናፊ ከፋይ ነው።»

ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ቤት እስክደርስ ስንት እንደሚሆን ሳሰላ ነበር።

ወረታ የሩዝ ከተማ ነች። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲታጨድ መፈልፈያዎቹ ከጧት እስከ ማታ ያጓራሉ። ጋሪው፣ አይሱዙው፣ ተሸካሚው፣ ሁሉም ወደዚያ ነው። እኔም ሄድኩ። ሥራዬ የተሞላ ማዳበሪያ አፍ መስፋት ሆነ፤ አንዱን በ1 ብር። ክሩን የምመዘው ከአሮጌ ማዳበሪያ ነው። መርፌው እንደ ጣቴ ይረዝማል፣ እንደ እባብ ይናደፋል። ብናኙ አንገት ሥር ገብቶ ሲያሳክክ እንቅልፍ ይነሳል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ። ጥሩ ሲሆን በሁለቱ ቀን 80 ብር አገኛለሁ። 80 ብር ማለት 40 ጌም ነው። በዚያ ዘመን ሁሉን ነገር የምመነዝረው በጌም ነበር። ሻይ አንድ ጌም ተኩል። ፀጉር መቆረጥ አምስት ጌም። አልቆረጥም።

ብሩን የማስቀምጠው በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ክዳኑን በቢላ ሰነጠቅኩት፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጠመጠምኩትና አልጋዬ ሥር ከጫማዎቹ ጀርባ ደበቅኩት። እማዬ እንዳታይ። እማዬ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ሆቴል ታስረክባለች፤ ጤፉን በሩዝ ዱቄት ደባልቃ። እንጀራውን በሞሰብ ተሸክሜ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ለዚህም በሳምንት 5 ብር ትሰጠኛለች። የዱቄት ዕዳ ያለባት ሴት ልጇ የጨዋታ ዕቃ ሊገዛ ብር ያጠራቅማል ብትባል ምን እንደምትል አስቡት።

ከባዱ ነገር ሥራው አልነበረም። ከባዱ ጌም ቤት ገብቶ አለመጫወት ነው። መቅረት አልቻልኩም፤ ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳውን ተደግፌ አያለሁ። «ና፣ ተራህ ነው» ይሉኛል። «ዓይኔን አሞኛል» እላለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ዓይኔን አሞኛል። ሀብታሙ ቀስ በቀስ ከወንበሩ የማይነሳ ሰው ሆነ፣ የኔ ወንበር ላይ።

አያቴ የሰጠችኝን ዶሮ አሳደግኩ። እንቁላሏን ሸጥኩ፤ ለፋሲካ ራሷን ሸጥኳት። ሚሚ፣ ታናሽ እህቴ፣ አለቀሰች። እኔም ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ ግን 150 ብር 75 ጌም ነው።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ማታ ጣሳውን አነሳሁትና ደነገጥኩ። ቀሎኛል። ሁልጊዜ በሁለት እጅ ነበር የማነሳው፤ በሳንቲም የተሞላ ነበራ። አሁን በአንድ እጅ ብድግ አለ። ነቀነቅኩት። ድምፅ የለም። ፕላስተሩን ሳየው የኔ አይደለም፤ የኔ የተጨማደደ ነበር፣ ይሄኛው ልቅም ተደርጎ ተጠምጥሟል።

ሚሚን አነቅኳት ማለት ይቻላል። «አልነካሁም!» ብላ ጮኸች። እማዬ ከጓዳ እጇን በሊጥ እንደለቀለቀች ወጣች።

«ልጅቷን ልቀቃት። ምን ሆነሃል?»

«ብሬ... ጣሳዬ ውስጥ...»

«ክፈተዋ» አለች።

ከፈትኩት። አንድም ሳንቲም የለም። በጎማ ላስቲክ የታሰሩ ድፍን መቶ ብሮች ናቸው፤ ከላያቸው ሁለት ሃምሳና ጥቂት አሥር ብሮች። ቆጠርኩ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ደግሜ ቆጠርኩ። የማውቀው ሒሳብ ነው፤ አንድ ብር አልጎደለም።

«ዝርዝር ሲያጥረኝ ከዚያ እወስድ ነበር» አለች። «ሆቴሎቹ መልስ አምጪ እያሉ ሲያሰቃዩኝ የት ልሂድ? ከገና ጀምሮ ባንኬ አንተ ነህ።» ወደ ጓዳ ልትመለስ ዞር ብላ ደግሞ፣ «ፕላስተር ስትጠቀልል ጫፉን እጠፈው እንጂ። ሌባ እኮ እንደዚህ አይጠቀልልም» አለችኝ።

ለምን እንደማጠራቅም አልጠየቀችኝም። የምታውቅ ይመስለኛል። ከተማዋ ትንሽ ነች፣ ሚሚ ደግሞ አፏ አያርፍም።

ግንቦት ማለቂያ ላይ 2,430 ብር ሆነ። ብሩን ካልሲ ውስጥ አድርጌ፣ ካልሲውን አጥልቄ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ባሕር ዳር ወረድኩ። የአባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ እግሬን ደጋግሜ እነካካ ስለነበር አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ቆስለሃል?» አሉኝ።

ሱቁ ገበያው አካባቢ ያለች የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ነች። አሮጌ ቴፕ፣ የተበተነ ሪሲቨር፣ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ። ከመደርደሪያው ጥግ ወፍራሙ ጥቁር ፕሌይስቴሽን 2 ተቀምጧል። ስሊሙን ነበር የምመኘው፤ የስሊሙን ዋጋ ሲነግረኝ ምኞቴን ቀየርኩ።

«ወፍራሙስ?»

«2,800።»

«2,200 አለኝ፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ ዕቃው የውጭ ነው። ከዓረብ አገር የመጣ።»

ዕቃውማ ሁሉም የውጭ ነው። ካልሲዬን ማውለቅ ስጀምር ልቡ ራራ መሰለኝ፣ ወይ ሽታው አሸነፈው፤ በ2,350 ተስማማን። አንድ ጆይስቲክ፣ ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድና የተጫረ የፔስ 2013 ዲቪዲ። ሚሞሪ ካርዱ ለብቻው 120 ብር ነው አለ። ተውኩት። ሰክቶ አሳየኝ፤ ከፍቶ የቡድን መምረጫው ድረስ ገባ። ከመነኸሪያ አንድ ሳምቡሳ በልቼ፣ ማሽኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተመለስኩ። ረዳቱ «ላዩ ላይ እንጫነው» ቢለኝ ልደባደብ ምንም አልቀረኝም።

ቤት ስደርስ መብራት የለም። ይህን ክፍል አላወራውም። እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅኩ።

መብራት መጣ። ቢጫውን ሰካሁ፣ ነጩን ሰካሁ። ቀዩን የሚቀበል ቀዳዳ ቴሌቪዥናችን የለውም። የሪሞቱን ባትሪ ነክሼ ወደ ኤቪ ቀየርኩ። ማሽኑ ተነሳ። ዲስኩ ዞረ። ዞረ። እንደ ድመት አንኳረረ። ከዚያ ስክሪኑ ቀይ ሆነ፤ ዲስኩን አላውቀውም ማለቱ ነው።

አወጣሁት፣ በሸሚዜ ጠረግኩት፣ መለስኩት። ቀይ። እፍ አልኩበት። ቀይ። የባለ ሱቁን እናት ሰደብኩ፣ በልቤ። አሥራ ምናምን ጊዜ ሞከርኩ። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተወተፈ። ሚሚ እንኳን ዝም አለች።

እማዬ ማታ የምታያት ድራማ ነበረቻት፤ እሷን ትታ ቆማ ታየኛለች። ቀረብ ብላ ጎንበስ አለችና ጠረጴዛውን ከጎን አየችው። ጠዋት ጠዋት ምጣድ ስትጥድ እንዲህ ነው የምታየው፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና።

«ዘሟል እኮ» አለች።

«ምኑ?»

«ጠረጴዛው ነዋ። እንዲህ በዘመመ ነገር ላይ ምኑ ይሠራል? ሊጡ እንኳ ወደ አንድ ጎን ነው የሚሄደው።»

ዕቃው እኮ በሌንስ ነው የሚሠራው ልላት ነበር። እሷ ግን የክብሪት ቀፎ አጥፋ በማሽኑ በግራ ጥግ ሥር ሸጎጠች። በጣቷ ገፋ፣ ሳብ አደረገችው። «አሁን ክፈተው።»

ዲስኩ ዞረ። አንኳረረ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ከዚያ የቋንቋ መምረጫው መጣ።

ሌንሱ ያለቀ ማሽን ሲያጋድል የሚያነብበት ጊዜ እንዳለ ያወቅኩት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ግን ምክንያቱን የጠየቀ የለም። ሚሚ ጮኸች። እማዬ «በሉ አሁን ድራማዬን መልሱልኝ» አለች፤ ደግሞ እስኪያልቅ ቆማ አየች።

በማግስቱ ሀብታሙን ጠራሁት። ሁለተኛ ጆይስቲክ ከጌም ቤት ተውሶ መጣ፤ ካሬዋ የላላችውን። እኔ የባለቤት ወግ ነው ብዬ ደህናውን ያዝኩ። ባርሳንም ወሰድኩ። ማን ይከለክለኛል?

በዘጠነኛው ደቂቃ አገባብኝ። ከዚያ በእረፍት ዋዜማ ደገመ። ጣቶቼ የሚያውቁትን ነገር ረስተዋል። ኳስ ልነጥቅ ስል ሸርተቴ ይገባሉ፣ ልመታ ስል ኳሱ ወደ ሰማይ። ሰባት ወር ማዳበሪያ የሰፋ ጣት ነው። የመርፌው ጠባሳ አውራ ጣቴ ላይ፣ ልክ የጆይስቲኩ እንጨት የሚያርፍበት ቦታ፣ ይቆጠቁጠኛል። ሀብታሙ ካሬዋን ሁለት ሁለቴ እየተጫነ፣ እየሳቀ፣ አራተኛዋን ጨመረ።

4 ለ 0። በቤቴ። በማሽኔ።

ሀብታሙ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳፈጠጠ መዳፉን ዘረጋልኝ። ልማዱ ነው፤ የት እንዳለ ረስቶታል። ልስቅበት ዞር ስል፣ የኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ሁለት ብር እየፈለገ ነበር።